መልእክቱ ለእኔ ላይሆን ይችላል፤ ዝም ልበል ወይስ ልደውልለት?

ጥያቄ፦ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ስምንት ወር ሆነን። ያበደርኩትን ገንዘብ ብጠይቀው በቤተሰብ ፊት አዋርዶኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል አልተለዋወጥንም። ባለፈው ሐሙስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ በቴሌግራም «ይቅር በይኝ። ከእንግዲህ አላስቸግርሽም» የሚል መልእክት ገባልኝ። ከፍቼ አየሁት፣ ፎቶም አነሳሁት። ጠዋት ስመለከት ጠፍቷል። ከፍቅረኛው ጋር መለያየታቸውን ሰምቻለሁ፤ ለእሷ የጻፈው በስህተት ወደ እኔ የመጣ ይመስለኛል። ለባለቤቴና ለጓደኛዬ ባሳያቸው አንዱ «ላንቺ ነው»፣ ሌላዋ «አይደለም» አሉኝ። እናታችን ሥራውን ከለቀቀ ወዲህ ሌሊት እንደማይተኛ ነግራኛለች፣ እሱ ግን ድሮም እንቅልፍ አይወድም። እኔ እንዳያፍር ብዬ ዝም ብያለሁ። ትክክል አይደለሁም? ብመልስለትስ «ተሸንፋ መጣች» አይለኝም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይህን ሲያነቡ እስካሁን ካልደወሉለት መጀመሪያ ይደውሉለት፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ ያንብቡት።

ደብዳቤዎ ስለ መልእክቱ ብዙ ይናገራል። የመጣበት ሰዓት፣ ቃሉ፣ የጠፋበት ጊዜ፣ ያዩት ሰዎች የሰጡት ፍርድ ሁሉ አለ። ስለ ወንድምዎ የተጻፈው ግን ሥራ መልቀቁ፣ ከፍቅረኛው መለያየቱና ሌሊት አለመተኛቱ ብቻ ነው፤ የመጨረሻውንም ገና ከመጻፍዎ «ድሮም እንቅልፍ አይወድም» ብለው አለፉት። ሦስት ሰው ሆናችሁ መልእክቱ ለማን እንደተላከ ተከራክራችኋል። የላከው ሰው ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረ የጠየቀ ግን ከደብዳቤዎ ውስጥ አላገኘሁም።

«አላስቸግርሽም» የምትለው ቃል ናት ያሳሰበችኝ። ሰው በሌሎች ላይ ሸክም እንደሆነ ሲሰማው፣ ይቅርታው የስንብት ሲመስል፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሥራና ፍቅር ተከታትለው ከእጁ ሲወጡ፣ እኛ ባለሙያዎች እነዚህን አንድ ላይ እንቆጥራቸዋለን። አንዱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። በአንድ ሰው ላይ በአንድ ሰሞን ሲገናኙ ግን ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ይኖረው እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይሆናል። ወንድምዎ ያን ያስባል እያልኩ አይደለም፤ ተራ የጸጸት ቃልም ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ሆኜ መለየት አልችልም፣ እርስዎም ፎቶውን ደጋግመው በማየት አይለዩትም።

«በስህተት ነው» የሚለው ግምትዎም ቢሆን ቀረብ ብለው ሲያዩት ይሳሳል። መልእክት በስህተት የሚሄደው ብዙ ጊዜ ወደ ቅርብ ሰው ነው፤ በዝርዝሩ አናት ላይ ወዳለ፣ ስሙ ወደሚመሳሰል ወይም በዚያው ቅጽበት ጽፎ ወደነበረ። ስምንት ወር ያልተጻጻፉበት ስም ግን ወደ ታች ወርዷል፤ ጣት ስቶ የሚያርፍበት ቦታ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ተጽፎ ሳይላክ የቀረ ረቂቅ ካለ ስሙን ወደ ላይ ያወጣዋል። ስምዎ ለጣቱ ቅርብ የነበረው በዚህ ምክንያት ከሆነ ደግሞ ከዚያ በፊትም ሊጽፍልዎ ጀምሮ ትቶታል ማለት ነው። የድሮ መልእክቶቻችሁን ከፍቶ ሲያነብ እዚያው ጽፎትም ሊሆን ይችላል። የእርስዎና የፍቅረኛው ስም ስለሚመሳሰል ተሳስቶ እንደሆነም አላውቅም። ስህተት ሊሆን አይችልም አልልም፤ እርግጠኛ ይሆኑበት ዘንድ ግን በቂ ማስረጃ የለዎትም።

ደግሞም «ለማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ መልስ ባያገኝም ውሳኔው አይጠፋም። ሁለቱን ስህተቶች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። መልእክቱ ለሌላ ሰው ሆኖ እርስዎ «ደህና ነህ?» ቢሉት፣ ለጥቂት ደቂቃ ያፍራል። መልእክቱ ለእርስዎ ሆኖ ዝም ቢሉት ደግሞ ይቅርታ የጠየቀ ሰው እንደተነበበ አይቶ መልስ አጥቷል። ሲከፍቱት ሁለቱ ምልክቶች እሱ ጋ ታይተዋል፤ ስለዚህ ዝምታዎ እሱ ዘንድ «አላየችውም» ሆኖ ሳይሆን «አይታ ተወችው» ሆኖ ነው የሚነበበው።

ከሁሉ በላይ እንዲያስቡበት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ዝምታ ትርጉሙን የሚያገኘው ከእሱ በፊት ከነበረው ነው። በየቀኑ የሚያወሩት ወንድም ለፍቅረኛው የጻፈው የፍቅር ቃል ተሳስቶ ቢመጣልዎና አይተው እንዳላየ ቢሆኑ፣ እሱ ጨዋነት መሆኑን ያውቃል፤ ምክንያቱም በማግስቱ ስለ ሌላ ነገር ደውለው ያዋሩታል፣ ፍቅራችሁም እንዳለ ነው። በተኳረፉ ሰዎች መካከል ግን ያ ዓይነት ዝምታ የለም። ስምንት ወር ዝም ብለውታል፤ የሐሙሱም ዝምታ እሱ ጋ ሲደርስ ዘጠነኛውን ወር ከመጀመር የተለየ ነገር አይደለም። በልብዎ «እንዳያፍር ነው» ቢሉም እሱ ልብዎን ሊያይ አይችልም። የሚያየው ያው ኩርፊያው መቀጠሉን ነው። ርኅራኄ ያለበት ዝምታና ቅጣት የሆነ ዝምታ ለሚቀበለው ሰው ልክ አንድ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው ከዚያ በፊት የነበረው ንግግር ብቻ ነው፣ እናንተ መካከል ደግሞ ንግግር አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር፣ ከደብዳቤዎ ይበልጥ ሐቀኛው የመጨረሻው ጥያቄዎ ነው። እንዳያፍር ማለትዎ ውሸት ነው አልልም፤ ከዝምታዎ ግን ትልቁን ድርሻ የያዘው «ማን ቀድሞ ይናገር?» የሚለው ይመስለኛል። ቅያሜዎ ተገቢ ነው። ገንዘብዎ አልተመለሰም፣ በሰው ፊትም ተዋርደዋል። ነገር ግን ደህንነቱን መጠየቅና መታረቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንደተቀየሙት፣ ዕዳውንም ሳይተዉ፣ ደህና መሆኑን መጠየቅ ይችላሉ። «ተሸንፋ መጣች» ቢል እንኳ ይህን ለማለት ደህና መሆን አለበት።

ዝምታ ትክክለኛ መልስ የሚሆንበት ጊዜ ግን በእርግጥ አለ፣ ያም ብዙ ነው። ሰው ልኮ ወዲያው ሲያጠፋ «እንዳላየሽው ቁጠሪልኝ» ማለቱ ነው፤ ይዘቱ ማንንም የማይጎዳ እስከሆነ ድረስ ይህን ልመና ማክበር ነው። ወንድምዎ ያን ሌሊት የላከው «ነገ 2 ሰዓት እንገናኝ፣ ናፍቀሽኛል» የሚል ቢሆን ኖሮ ምክሬ እንዳላዩ ይሁኑ የሚል ነበር። መልስ ካላገኘ አንድ ጉዳይ የሚስተጓጎልበት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሰው እየጠበቀው ወይም መድኃኒት እንዲመጣለት ልኮ ከሆነ፣ «ወደ እኔ ነው የመጣው» የሚል አንድ መስመር በቂ ነው። ያስፈራራዎት ወይም ይቆጣጠርዎት የነበረ የቀድሞ አጋር «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» እያለ የሚልከው ግን በር መክፈቻ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ዝምታው ይጽና፤ የአደጋ ምልክት ካለውም እርስዎ ሳይመልሱ ለቅርብ ቤተሰቡ ያሳውቁ። ከማያውቁት ቁጥር የሚመጣ «ይቅርታ፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው፣ አንቺ ግን ማን ነሽ?» ዓይነቱም የታወቀ የማጭበርበሪያ አጀማመር ስለሆነ አይመለስም።

የሚልኩት ቃል አጭርና ምንም የማይጠይቅ ቢሆን ይመረጣል። ጄሮም ሞቶ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ከሆስፒታል ወጥተው ክትትሉን ለመቀጠል እምቢ ላሉ ሕሙማን አጫጭር ደብዳቤ ይልክ ነበር። ለጥናቱ በዕጣ ከተከፈሉት 843 ሰዎች ግማሽ ያህሉ በአምስት ዓመት 24 ደብዳቤ እንዲደርሳቸው ታቅዶ ነበር፤ የቀሩት ምንም አልተላከላቸውም። ደብዳቤው ኑና ታከሙ አይልም፤ እናስብዎታለን፣ መጻፍ ከፈለጉ ደስ ይለናል የሚል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ደብዳቤ ይደርሳቸው ከነበሩት መካከል ራሱን ያጠፋው ሰው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያነሰ ነበር።

ወደ እርስዎ ስመለስ፣ አምስት ቀን ሆነ ስድስት፣ ዘግይተዋልና ከመጻፍ መደወል ይሻላል። ካላነሳ ይህን የመሰለ ይጻፉለት፦ «መልእክትህን አይቼው ነበር። ለእኔ ባይሆንም ችግር የለም። ደህና መሆንህን ልወቅ ብዬ ነው የደወልኩት። በፈለግህ ሰዓት ደውልልኝ።» ያነሱትን ፎቶ መልሰው አይላኩለት። «ለማን ነበር?» አይበሉ፣ ገንዘቡን አያንሱ፣ በአንድ ቀን አምስት መልእክትም አይደርድሩ፤ የተጠየቀ ሳይሆን የተመረመረ ይመስለዋል። በዚያው ቀን መልስ ካላገኙ እናትዎ ወይም የሚያምነው ሰው በአካል ሄዶ ይየው።

ካነሳና ድምፁ ካላማረዎት፣ ዙሪያውን ሳይዞሩ በቀጥታ ይጠይቁት፦ «ከዚህ ሁሉ መገላገል፣ መሞት ታስባለህ ወይ?» መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ ብዙዎች በመጠየቃቸው ይቀልላቸዋል። «አዎ» ካለ ብቻውን እንዳይቀር ያድርጉ፣ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ያርቁለት፣ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ለእርስዎ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም።

«አይ፣ ለሌላ ሰው ጽፌው ነው» ካለ ደግሞ «እሺ፣ ድምፅህን መስማቴ ጥሩ ነው» ይበሉና እዚያው ይተዉት፤ አያስምሉት። እናትዎ ስለ እንቅልፉ ያሉት ግን እንዳለ ስለሆነ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ይደውሉ። የገንዘቡ ጉዳይ በስልክ የሚፈታ አይመስለኝም። እሱ ትንሽ ሲረጋጋ፣ ሳምንታትም ቢወስድ፣ ሁለታችሁም ፈቃደኛ ከሆናችሁ በሦስተኛ ሰው ፊት፣ ቢቻል በቤተሰብ አማካሪ ዘንድ በአካል ብትነጋገሩበት የተሻለ ነው። ለእሱም እንቅልፉና ስሜቱ በዚህ ሁኔታ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር እንደሚያስፈልገው እናትዎ በእርጋታ ቢያነሱለት ከእርስዎ ይልቅ እሳቸውን ሳይሰማ አይቀርም።