መደቡ እዚያው፣ ሥራው እጥፍ፦ ስለ ጭማሪ ጥያቄና መልስ

በሰው ኃይል አስተዳደር 14 ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የጭማሪ ማመልከቻ ተቀባይ ነበርኩ፤ ብዙውንም ፋይል ውስጥ ከትቼ ዝም ብያለሁ። ለምን ዝም እንዳልኩ ስለማውቅ ልጠቅማችሁ እችላለሁ። ጠይቁ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ጋሼ፣ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ፔሮል የምትሠራው ልጅ ከለቀቀች አምስት ወር ሆናት። "ለጊዜው ያዥው" ተብዬ ይኸው እስካሁን ይዤዋለሁ። መደቤም 16,000 ብር ደመወዜም አልተነካም። ምን ብዬ ልጠይቅ?

"ለጊዜው" የምትለዋን ቃል እኔም ለስንቱ ብያታለሁ። እስኪ መጀመሪያ ንገሪኝ፤ የልጅቷ ደመወዝ ስንት ነበር? ሥራዋን ሁሉ የያዝሽው አንቺ ነሽ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ 15,000 ነበረች። ፔሮሉን፣ የግብርና የጡረታ ማሳወቁን እኔ ወሰድኩ። ፋይሉንና ጥቃቅን ወጪውን ካሸሯ ይዛዋለች።

ጥሩ። "ሥራ በዝቶብኛል" ብለሽ ብቻ እንዳትገቢ። ሥራ ያልበዛበት ሰው ቢሮዬ ገብቶ አያውቅም። መልሱም የታወቀ ነው፦ "አይዞሽ፣ ሰው እየፈለግን ነው።" አንቺ ይዘሽ የምትገቢው ሒሳብ ነው።

ከአንዱ የደመወዝ ቀን እስከሚቀጥለው ድረስ መዝግቢ። ደብተር ይበቃል፤ ቀኑ፣ የሠራሽው፣ የፈጀው ሰዓት። ፔሮሉ 30 ሰዓት፣ ማሳወቁ 12 ሰዓት፣ "ለምን ተቆረጠብኝ" የሚለውን ሠራተኛ ማስተናገዱ 10 ሰዓት ወሰደ እንበል። ይህችን የመጨረሻዋን ሰው ሁሉ ይረሳታል። ድምሩ 52 ሆነ። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሠራል፤ 52 የዚያ ሩብ ነው። በልጅቷ ደመወዝ ሲታሰብ የ15,000 ሩብ 3,750 ብር ነው። ከዚህ በታች አትውረጂ።

ከዚህ በላይ የምትጠይቂበት ምክንያት ደግሞ ሰዓቱ ሳይሆን ኃላፊነቱ ነው። ግብሩ ወይም ጡረታው በጊዜው ካልገባ ቅጣት አለ፤ ቅጣቱ ድርጅቱ ላይ ቢወድቅም፣ "ለምን ዘገየ" ተብለሽ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ስለዚህ 6,000 ጠይቂ፤ 5,000 ላይ ብትስማሙ አልከሰርሽም።

አሁን በእነሱ በኩል እንየው። ለልጅቷ 15,000 ብር ደመወዝ፣ በዚያ ላይ 11 በመቶ የአሠሪ ጡረታ ይወጣ ነበር። በወር 16,650 ማለት ነው። ላንቺ 5,000 ቢጨመር ጡረታውን ይዞ 5,550 ይሆናል፤ የዚያ ሲሶ። ገንዘብ የሚፈቅደው ሰውዬ ይህችን መስመር ሲያይ ነው ብዕሩን የሚያነሳው። የአምስቱን ወር 83,250 ብር ግን "አትርፋችሁብኛል" ብለሽ አታንሺበት። ካሸሯም ድርሻ አላት፤ ሰውዬውንም ተከሳሽ ታደርጊዋለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ለራስሽ እወቂ። ከ14,000 በላይ ባለው ላይ ግብሩ 35 በመቶ ነው፤ ያንቺ ጡረታ 7 በመቶ ይከተላል። ከ5,000ው 1,750 እና 350 ሲነሳ እጅሽ የሚገባው 2,900 ብር ነው። ስትደራደሩ ግሮስ ይሁን ኔት አስቀድመሽ ለዪ። "5,000 ተጨመረልኝ" ብሎ ሄዶ በወሩ መጨረሻ እየተቆጣ የተመለሰ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ስቶር ኪፐሩ፦ እኔ ላይ ግዢውንም ጨመሩብኝ። ማታ እስከ 1 ሰዓት እቆያለሁ። ይሄ እኮ ኦቨርታይም ነው፤ ምን ድርድር ያስፈልገዋል?

ሁለቱን አትቀላቅላቸው። በስምንቱ ሰዓት ውስጥ የተጨመረብህ ሥራ ምንም ያህል ቢከብድ ኦቨርታይም አይወልድም፤ እሱ ድርድር ነው። ከሰዓቱ ያለፈው ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይታሰባል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰዓት ደመወዝህ አንድ ተኩል እጥፍ ነው።

ችግሩ፣ አዋጁ የትርፍ ሰዓት ሥራ በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ መሠራት አለበት ይላል። አንተ በራስህ "ሥራው ስላላለቀ" ከቆየህ ሊክዱህ ይችላሉ። "ዛሬ ዕቃው ማታ ይገባል፣ ጠብቅ" ያለህ አለቃ በቴሌግራም ጽፎልህ ከሆነ አታጥፋው። በቃል ከሆነ አንተው ጻፍለት፦ "ባሉኝ መሠረት ዛሬ እስከ 1 ሰዓት ቆይቼ ዕቃውን ተረክቤያለሁ።" ደግሞ አታሳድረው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ክፍያው ከሚጠየቅበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል። ሁለት ዓመት አጠራቅሞ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ያጣዋል።

የባንኩ ልጅ፦ ለምን ታደክሟቸዋላችሁ? ተጠባባቂ ሆኖ ሦስት ወር የሠራ ሰው መደቡ በሕግ የሱ ነው። እኛ ጋ እንደዛ ነው የሚሠራው።

እናንተ ጋ ልክ ነህ፤ የተጻፈው ግን አዋጁ ላይ ሳይሆን የእናንተ ኅብረት ስምምነት ላይ ነው። ጠንካራ የሠራተኛ ማኅበር ያለበት ቤት የተጠባባቂነት አበልም፣ የጊዜ ገደብም ያስገባል። አስመጪው ድርጅት ማኅበር ላይኖረው ይችላል። ያም ሆኖ ነገርህ አንድ ጥሩ ነጥብ አለው፦ ማንም ከመደራደሩ በፊት ኅብረት ስምምነቱን ወይም የሥራ ደንቡን ያንብብ። "ውክልና"፣ "ተጠባባቂ"፣ "ተደራቢ ሥራ" የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ካገኛችሁ የምትጠይቁት ጭማሪ መሆኑ ይቀርና የደንብ አፈጻጸም ይሆናል።

ብቻ ደብዳቤ ከሌለህ ደንቡም አያድንህም። እኔ ራሴ በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት 11 ወር የኃላፊውን ሥራ ሠርቻለሁ። በቃል ነበር። አዲሱ ኃላፊ ሲመጣ ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አበሉን ስጠይቅ መዝገብ ቤት ፋይሌን አወጡና "የውክልና ደብዳቤ የለም" አሉኝ። እውነትም አልነበረም።

ሱፐርቫይዘሯ፦ የኔም ይሄው ነው። ሱፐርቫይዘር አሉኝ፣ ባጅ ሰጡኝ፣ ሰባት ሰው ሥሬ አደረጉ። ደመወዝ ግን ዜሮ ጭማሪ። ምን ይሻላል?

ያንቺስ ተገላቢጦሹ ነው እህቴ፤ ስሙ መጣ፣ ብሩ ቀረ። ጥንቃቄው ሌላ ቦታ ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። ነገ ኦቨርታይም ስትጠይቂ "አንቺ እኮ የሥራ መሪ ነሽ" ሊሉሽ ይችላሉ። የሥራ መሪ የሚያደርገው ግን ባጁ አይደለም። መቅጠር፣ ማገድ፣ ማሰናበት ወይም የዲሲፕሊን እርምጃ መውሰድ ትችያለሽ? የፈረቃ ፕሮግራም የምታወጪና ሪፖርት የምታቀርቢ ብቻ ከሆንሽ መከራከሪያ አለሽ። የሹመት ደብዳቤሽ ላይ የተዘረዘረው ሥልጣን ምን እንደሆነ አይተሽ ተመለሺ፤ ያለዚያ በግምት አልመልስልሽም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ለኤች አሩ በቃል ጫፉን ነካ አደረግኩለት። "የሥራ ዝርዝርሽ መጨረሻ ላይ 'በቅርብ ኃላፊ የሚታዘዙ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ትሠራለች' ይላል" አለኝ። ደግሞ እስኬሉም አይፈቅድም አለ።

ያቺን መስመር የማይጠቅስ ኤች አር የለም። እኔም ስጠቅሳት ኖሬያለሁ። መልሷ ግን ካንቺ ጋር ነው፦ ፔሮል በድርጅቱ መዋቅር ላይ የራሱ መደብ፣ የራሱ ደመወዝ ነበረው። ለብቻው ሰው የተቀጠረለት ሥራ እንዴት የሌላ ሰው "ተዛማጅ" ይሆናል? አዋጁም የሥራ ውል ሁኔታ ከሚቀየርባቸው መንገዶች አንዱ የሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት ነው ይላል። አንቺ የፈረምሽው ነገር የለም። ይህን እንደ ማስፈራሪያ ሳይሆን እንደ ወረቀት ጉድለት አንሺው፤ "እናስተካክለው" ብለሽ።

እስኬሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ያኔ በእዚያው ደረጃ እርከን ከፍ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። እሱም ካልሆነ የኃላፊነት አበል ይቀራል። አበል የመጨረሻ ምርጫሽ ይሁን፤ ጡረታ የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው፣ አበልን ማንሳትም ቀላል ነው። ከተቀበልሽው ደብዳቤው ላይ "መደቡ ሰው እስኪቀጠርበት ወይም ለስድስት ወር፣ ከዚያ በኋላ በደመወዝ ይታያል" የሚል ይግባ።

ማመልከቻሽ ከግማሽ ገጽ አይለፍ። አንዱ 23 ተግባር ዘርዝሮ አምጥቶልኝ አራተኛው ላይ ነው ያቆምኩት። እንዲህ ይበቃል፦

"የፔሮል መደቡ ክፍት ከሆነ ጀምሮ ፔሮል የማዘጋጀት፣ የግብርና የጡረታ ማሳወቅ እንዲሁም የሠራተኞችን የደመወዝ ጥያቄ የማስተናገድ ሥራን ደርቤ እየሠራሁ እገኛለሁ። ባለፈው ወር በዚህ ሥራ ላይ 52 ሰዓት ማዋሌን የሚያሳይ ዝርዝር አያይዣለሁ። በእነዚህ አምስት ወራት ክፍያም ሆነ ማሳወቅ ከቀኑ አላለፈም። ሥራው በእኔ ዘንድ የሚቀጥል ከሆነ በጽሑፍ ተመድቦልኝ በመሠረታዊ ደመወዜ ላይ 6,000 ብር እንዲጨመርልኝ፣ የማይቀጥል ከሆነም የማስረክብበት ቀን እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።"

ሁለት ኮፒ አድርጊና አንዱን ገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመትተሽ ያዢ። የድርጅታችሁ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ይግባ። ሰኔ ላይ በጀቱ ያልቃል።

ስቶር ኪፐሩ፦ ሌላ ቦታ የተሻለ ኦፈር አለኝ። ላሳያቸውና ይደንግጡ?

ለመሄድ ካልቆረጥክ አታሳይ። "መልካም ዕድል" ቢሉህስ?

ሱፐርቫይዘሯ፦ እዚህ ላይ አልስማማም ጋሼ። የኔ ባልደረባ አሳይታ ነው በሳምንቱ የተጨመረላት። ሳታሳይ ሁለት ዓመት ለምናለች።

ይሆናል። እኔ ያየኋቸው አንዳንዶቹ ተጨምሮላቸው ከቆዩ በኋላ "ልቡ ውጭ ነው" ተብለው ለዕድገት ታልፈዋል። ያቺ ልጅ አሁንም እዚያው ናት?

ሱፐርቫይዘሯ፦ ናት። ዕድገቱን ግን እንጃ፣ ገና ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ መልስ እስኪሰጡኝ ፔሮሉን ላቁመው?

እንዳታደርጊው። የሰው ደመወዝ ከዘገየ ጭማሪሽ ይረሳና ወሬው ስላንቺ ይሆናል፤ ትእዛዝ አልቀበልም አለች ብለው ማስጠንቀቂያ ሊጽፉብሽም ይችላሉ። ማመልከቻው ከገባ ሁለት ሳምንት ጠብቂና በአካል ሂጂ። መልስ ከሌለ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ የርክክብ ሰነድ አዘጋጅተሽ "ለማን ላስረክብ?" የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ አስገቢ። "ማንም የለም" ካሉሽ፣ ያንኑ መልስ በጽሑፍ ጠይቂያቸው።