አሲዱ ለምን አይገድለውም?

«የጨጓራ አሲድ ሥጋ የሚፈጭ ከሆነ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ እንዴት ይኖርበታል? ደሴ የታከምኩበት ሐኪም ቁስለትህ የመጣው ከእሱ ነው አለኝ። እኔ ግን በበርበሬ ነበር የማማኸኘው።»

ሰላም ወንድሜ። እኛ ወሎዬዎች በርበሬውን ቶሎ እንከሳለን፤ በርበሬ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል እንጂ ቁስለቱን አይፈጥርም።

ባክቴሪያው የሚተርፈው ዩሪኤዝ በሚባል ኢንዛይም ነው። በጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ትንሽ ዩሪያ አለ፤ በሽንት የሚወጣው ያው ነገር። አሲዱ ሲበረታ ባክቴሪያው የዩሪያ መግቢያውን ይከፍታል። ዩሪኤዝ ዩሪያውን ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰብረዋል። አሞኒያው አሲዱን ያበርደዋል፤ ጨጓራውን በሙሉ ሳይሆን የባክቴሪያውን ዙሪያ ብቻ። የጨጓራውን ንፍጥም ያቀጥነዋል፣ ውሃ እንደበዛበት ተልባ። ከዚያ በጭራው እየዋኘ አሲድ ወደማይበረታበት ግድግዳ ይጠጋል።

ግድግዳው ግን ይቆጣል። ባክቴሪያው በጨጓራው ታችኛ ክፍል ከበረከተ አሲድ የሚያስጨምረው ጋስትሪን የተባለ ሆርሞን ይበዛል። ትርፉ አሲድ ወደ ትንሹ አንጀት መግቢያ ይወርድና ያቆስለዋል። ባክቴሪያው ያለበት ሰው ሁሉ ግን አይቆስልም፤ አብዛኛው እንዲያውም ምንም አይሰማውም።

የባክቴሪያውን መኖር ለመመርመር በኢንዶስኮፒ ከጨጓራ የተወሰደች ቅንጣት ሥጋ ዩሪያ ባለበት ቢጫ ጄል ላይ ስትቀመጥ ጄሉ ሮዝ ከሆነ ዩሪኤዝ አለ ማለት ነው። አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እየወሰድክ ከተመረመርክ ግን ውጤቱ በሐሰት «የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ሐኪምህን አማክረህ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት አቁመው።