ማንሃተኑ ለምን ይቀያየራል? ስለ ቬርሙትና ቢተርስ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ባር ውስጥ ጀማሪ ነኝ። ማንሃተን ሁሌም በአንድ ልክ ነው የምሠራው። አንዳንድ ሳምንት ይጣፍጣል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሕይወት የለውም። ቢተርስ ብጨምርበትም አልዳነም። ቬርሙቱ ይሆን እንዴ? ከተከፈተ በኋላስ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

ወንድሜ፣ እኔም ቬርሙቱን ነው የምጠረጥረው። ልኩና ውስኪው ካልተቀየረ፣ በሳምንታት ውስጥ የሚለወጥ ሌላ ነገር የለህም። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም በሠራሁባቸው ባሮች የማየው አንድ ነው። ቬርሙቱ ተከፍቶ ከውስኪው ጎን መደርደሪያ ላይ ለወራት ይቆማል። ውስኪ ይችለዋል፣ ቬርሙት አይችልም። ቬርሙት በመሠረቱ ወይን ነው። ትንሽ ጠንካራ አልኮል ይጨመርበታል፣ በቅጠላ ቅጠልና በቅመማ ቅመም ይዘፈዘፋል፤ ከነዚህ አንዱ የአሪቲ ዘመድ የሆነ መራራ ተክል ነው። አልኮሉ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 በመቶ ነው። ይህ ቶሎ ኮምጣጤ እንዳይሆን ይረዳዋል እንጂ ከአየር አያድነውም።

በማንኪያ ተማስሎ በሚሠራ መጠጥ ላይ ችግሩ የሚጎላው የሚሸፍነው ስለሌለ ነው። የሚናጡት አብዛኞቹ ሎሚና ስኳር አላቸው፣ ብዙ ጥፋት ይደብቃሉ። ማንሃተን ግን 60 ሚሊ ውስኪ፣ 30 ሚሊ ቀይ ቬርሙት፣ ሁለት ርጭት አንጎስቱራ ቢተርስ ነው፣ አለቀ። ጣፋጩም፣ የወይኑ ቀለል ያለ ኮምጣጣነትም፣ የቅጠሉ ሽታም የሚመጣው ከቬርሙቱ ነው። አልኮሉንም ያለዝባል። ውስኪው 40 በመቶ፣ ቬርሙቱ 16 በመቶ ቢሆን ድብልቁ ወደ 32 ይወርዳል። ሠላሳ ሰከንድ ያህል በበረዶ ስታማስለው ወደ 25 ሚሊ ውኃ ይገባበታል፤ ያኔ 25 በመቶ አካባቢ ይሆናል።

ቢተርስ ሌላ ሥራ ነው ያለው፣ ጌሾ ለጠጅ እንደሚሠራው ዓይነት። ጣፋጩን በመራራ ይይዘዋል፣ በቅመም ሽታው ደግሞ ውስኪውንና ቬርሙቱን ያገናኛቸዋል። አንድ ማንሃተን ያለ ቢተርስ ሠርተህ ቅመሰው፤ ውስኪው ለብቻ፣ ጣፋጩ ለብቻ ይመጣብሃል። ያረጀ ቬርሙት ላይ ግን ቢተርስ መጨመር ዋጋ የለውም። የጠፋው የወይኑ ፍሬነት ነው፣ አንተ የምትጨምረው ምሬት ነው። አንጎስቱራው ራሱ 44.7 በመቶ አልኮል ስላለው መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ምንም አይሆንም።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። 750 ሚሊ ጠርሙስ 25 ማንሃተን ይወጣዋል። በሳምንት ሦስት ብቻ የምትሸጥ ከሆነ ስምንት ሳምንት ሊቆይ ነው፤ በየቀኑም ውስጡ ያለው አየር እየበዛ ይሄዳል። ቀዩ ፍሪጅ ውስጥ ከወር እስከ ሁለት ወር ይቆያል፣ ነጩ ደረቅ ቬርሙት ከወር በላይ አይመከርም። ስለዚህ በከፈትከው ቀን ለሦስት 250 ሚሊ የመስታወት ጠርሙሶች አካፍለው። እስከ አንገታቸው ሙላ፣ ክዳኑን አጥብቅ፣ ቀን ጻፍባቸው፣ ሁሉንም ፍሪጅ ውስጥ አስገባ። ለማመዛዘን ለመቅመስ ካልሆነ በቀር አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አትክፈት። ፕላስቲክ አየር ያስገባል። የአረቄ ጠርሙስም አትጠቀም፣ ሽታው በቀላሉ አይለቅም። ሁዳዴ ሲቃረብ ደግሞ አዲስ ጠርሙስ አትክፈት፤ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ቬርሙቱ ግን ፆሙን አይጠብቅልህም።

መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ አትጨነቅ። ፍሪጁን ሳትከፍት ጠብቅ፣ ቅዝቃዜው ይቆያል። ቬርሙቱን የሚገድለው ለሳምንታት በባሕር ዳር ሙቀት ውጭ መዋሉ ነው።

ማርጀቱን ለማወቅ ከተጀመረውና ካልተነካው ጠርሙስ አንዳንድ ማንኪያ ቅዳና በእኩል ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠህ ቅመስ። ማካፈሉ ይህንንም ይጠቅምሃል፤ መጨረሻው ጠርሙስ እስክትደርስ የምታመዛዝንበት አለህ። ያረጀው የተቆረጠና የጠቆረ ፖም ይሸታል፣ መጀመሪያ ላይ ጣፋጭ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ምሬት ብቻ ነው። ነጩ ላይ ቀለሙም ይናገራል፤ ወደ ቢጫና ቡናማ ይሄዳል። ጎልቶ ኮምጣጤ ከሸተተ ድፋው። ደከም ያለውን ግን ለወጥ ቤት ስጥ። ነጩ ለጣና ዓሣ ከቅቤና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ጥሩ ነው። ቀዩን የሥጋ ጥብስ ላይ ጨምረው፣ አልኮሉ እስኪተን ይንተከተክ።