«ብራችን መቼ ይመለሳል?» ብቻ ብላችሁ አትቁሙ

ልጆቼ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ የባንክ ብድር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሰው ፕሮጀክት መመርመር ነበር። አሁንም የሰፈር ልጆች ተደራጅተው ሥራ ሊጀምሩ ሲያስቡ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጡና «እስቲ ይዩልን» ይሉኛል። ወረቀቱ ላይ ሁልጊዜ የማላጣው አንድ መስመር አለ፤ «ያወጣነው ገንዘብ በዚህን ያህል ጊዜ ይመለሳል» የሚል። ባለሙያው ፔይባክ ይለዋል። ጥያቄው ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ሁለት ሥራ አወዳድሮ አንዱን ለመምረጥ ሲሆን ብቻውን አይበቃም።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት እንዲመቹ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። አንድ ሚሊዮን ብር አላችሁ እንበል። ሁለት ሐሳብ ቀርቧል፣ ገንዘቡ ግን ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። አንደኛው ብሎኬት ማምረት ነው። አጠገባችሁ ግንባታ ስለበዛ ገበያው ዛሬውኑ አለ፤ ግንባታው ሲያልቅና ማሽኑ ሲያረጅ ግን ገቢው ይወርዳል። ወጪው ሁሉ ተቀንሶ እጃችሁ የሚገባው በመጀመሪያው ዓመት 600 ሺህ፣ በሁለተኛው 450 ሺህ፣ በሦስተኛው 250 ሺህ፣ በአራተኛው 100 ሺህ ብር ነው። ሁለተኛው የወተት ላም እርባታ ነው። ጊደሮቹ እስኪወልዱና ወተቱ ደንበኛ እስኪያገኝ ጊዜ ይፈልጋል። 200፣ 350፣ 550፣ በመጨረሻም 800 ሺህ ይገባል። የአራተኛው ዓመት ገቢ ላሞቹን ሸጦ መውጣትንም ይጨምራል።

በፔይባክ ከሄድን ክርክር የለም። ብሎኬቱ በአንድ ዓመት ከአስራ አንድ ወር ገደማ ሚሊዮኑን ይመልሳል። ላሞቹ ሁለት ዓመት ከአስር ወር ይፈጅባቸዋል። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ወረቀቱን አጥፎ ብሎኬት ይላል። ግን ልብ በሉ፣ ፔይባክ ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላ የሚመጣውን ብር ጭራሽ አያየውም። የላሞቹ 800 ሺህ ዜሮ ቢሆንም መልሱ ያው ነው።

ሌላም የማያየው ነገር አለ፤ የዘንድሮ ብርና የከርሞ ብር አንድ አለመሆኑን። ይህን እቁብ የጣለ ሰው ሳይማር ያውቀዋል። ሁሉም እኩል ጥሎ እኩል ነው የሚወስደው፣ ግን መጀመሪያ የወጣለትና መጨረሻ የደረሰው እኩል ናቸው የሚል የለም። ቸኩሎ እጣ የሚገዛ ሰው ገንዘብ የሚጨምረው ለምን ይመስላችኋል? ለጊዜው ነው የሚከፍለው።

ኤንፒቪ የሚባለው፣ ማለትም የተጣራ የአሁን ዋጋ፣ ይህንኑ በቁጥር ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ «ገንዘባችን እዚህ ባይገባ ኖሮ ሌላ ቦታ፣ ተመሳሳይ ስጋት ይዞ፣ በዓመት ስንት ያመጣልን ነበር?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። 20 በመቶ ነው እንበል። እንግዲያው ከዓመት በኋላ የሚመጣን ብር ለ1.2 ታካፍላላችሁ። ሁለት ዓመት የሚጠበቀውን ሁለቴ፣ ማለትም ለ1.44፤ የሦስተኛውን ለ1.728፤ የአራተኛውን ለ2.0736። ከዚያ ደምራችሁ ዛሬ የምታወጡትን ሚሊዮን ትቀንሳላችሁ።

የብሎኬቱ 600 ሺህ ወደ ዛሬ ሲመጣ 500 ሺህ ይሆናል። 450ው 312 ሺህ ተኩል፣ 250ው 145 ሺህ ግድም፣ የመጨረሻው 100 ሺህ ደግሞ 48 ሺህ። ድምሩ አንድ ሚሊዮን ከ5 ሺህ ነው። ሚሊዮኑን ስትቀንሱ 5 ሺህ ብር ትተርፋለች። የላሞቹ 167፣ 243፣ 318 እና 386 ሺህ ይሆናል። ሚሊዮኑ ሲቀነስ 114 ሺህ ገደማ ይተርፋል። ፔይባክ ብሎኬት ሲል ኤንፒቪ ላሞች አለ። በዚህ ጊዜ ምርጫው በኤንፒቪ ነው፤ ምክንያቱም እናንተ የምትፈልጉት ቶሎ የሚመለሰውን ሳይሆን በመጨረሻ ሀብታችሁን የበለጠ የሚያሳድገውን ነው።

በኤክሴል የምትሠሩ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። NPV የሚለው ቀመር የሰጣችሁትን የመጀመሪያ ቁጥር ከዓመት በኋላ እንደሚመጣ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ዛሬ የሚወጣው ሚሊዮን ከቅንፉ ውጭ መሆን አለበት። B2 ላይ -1000000 ካለና ገቢዎቹ ከC2 እስከ F2 ከሆኑ፦

```
=NPV(20%,C2:F2)+B2
```

ሚሊዮኑን ቅንፉ ውስጥ ካስገባችሁት የላሞቹ ትርፍ 113,812 መሆኑ ቀርቶ 94,843 ይላችኋል። ስህተቱ ቀይ መብራት አያበራም፣ ዝም ብሎ ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኤንፒቪ ላሞቹን መረጠ ብላችሁ አትጨፍሩ፣ መጀመሪያ ነካካ አድርጉት። 20 የነበረውን 25 በመቶ አድርጉት። ብሎኬቱ ወደ 63 ሺህ ይከስራል፣ ላሞቹም 7 ሺህ ገደማ ይከስራሉ። ቅደም ተከተሉ አልተቀየረም፣ ላሞቹ አሁንም ይሻላሉ። ግን «የተሻለው» ራሱ ከሳሪ ነው፤ እንግዲህ መልሱ ሁለቱም ይቅሩ ነው። ሁለት ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ሰው ሦስተኛውን ምርጫ፣ አለመግባትን፣ ሲረሳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ጊዜውን አዘግዩት። «እርግዝናዋ ስድስት ወር ነው» ተብላ የተገዛች ጊደር ባዶ ሆና ብትገኝስ? ገቢው ሳይቀንስ ሁሉም በአንድ ዓመት ብቻ ወደ ኋላ ተገፋ በሉ። በ20 በመቶው ሂሳብ 114 ሺህ ትርፍ የነበረው 72 ሺህ ኪሳራ ይሆናል። አንድ ላም አልሞተችም፣ አንድ ሊትር ወተት አልጎደለም። የዘገየ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ፕሮጀክት ከወተት ዋጋ ትንበያ ይልቅ የእንስሳት ሐኪም ይዞ ሄዶ ጊደሮቹን ማስመርመር ይበልጣል። ሂሳቡ የት ጋ መጨነቅ እንዳለባችሁ ነው የነገራችሁ።

ስለ ዋጋ ንረት አንድ ነገር ልበል። ገቢውን ዛሬ ባለው የወተት ዋጋ እየጻፋችሁ የባንክ ወለድን ለማካፈያ ብትወስዱ ሂሳቡ ይዛባል። ወለዱ ውስጥ ንረቱ አለ፣ ገቢው ውስጥ ግን የለም። ጉዳቱ ደግሞ ዘግይቶ የሚያተርፈው ሥራ ላይ ይበረታል። ወይ ሁለቱም ላይ ንረት ይኑር፣ ወይ ከሁለቱም ይውጣ።

ታዲያ ፔይባክ ይጣል? የለም። ፔይባክ ትርፍ ባይለካም ገንዘባችሁ ምን ያህል ጊዜ ሜዳ ላይ እንደሚቆይ ይናገራል፣ በተለይ ብድር ሲኖር። ከሚሊዮኑ 500 ሺው በ18 በመቶ የተበደራችሁት፣ በሦስት ዓመት እኩል እየተከፈለ የሚያልቅ ነው እንበል። የዓመት ክፍያው 230 ሺህ ይመጣል። ላሞቹ በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጡት 200 ሺህ ነው። በኤንፒቪ አትራፊ የተባለው ሥራ ገና በመጀመሪያው ዓመት 30 ሺህ ይጎድለዋል። ባንኩ ደግሞ የአራተኛውን ዓመት 800 ሺህ አይጠብቅላችሁም። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የእፎይታ ጊዜ ጠይቁ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ወለዱን ብቻ መክፈል ከተፈቀደላችሁ 90 ሺህ ነው፣ 200ው በደንብ ይሸፍነዋል። ካልተፈቀደ ጉድለቱን የሚሞላ ብር ከመጀመሪያው ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ጊደርም በዚያው ልክ ቀንሳችሁ ግዙ፣ ከዚያም ሂሳቡን እንደገና ሥሩት።