የ7ኛ ክፍል የሳይንስ ማስታወሻ ዲስሌክሲያ ላለበት ልጅ

«ልጄ 7ኛ ክፍል ነው፣ ዲስሌክሲያ የሚባል የማንበብ ችግር አለበት። የሳይንስ ማስታወሻውን እንዴት አድርጌ ላሳጥርለት?»

እህቴ፣ ከአረፍተ ነገሩ ጀምሪ። መጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል፦ «ከሰውነት የተመለሰው ኦክስጅን ያነሰው ደም በልብ ቀኝ ክፍል በኩል ወደ ሳንባ ሄዶ ኦክስጅን ከያዘ በኋላ በግራው ክፍል በኩል ወደ መላ ሰውነት ይረጫል።» ግሱ እስኪመጣ ልጁ መጀመሪያውን ይረሳዋል። ስለዚህ ቆራርጪው፦

ደም ከሰውነት ወደ ልብ ይመለሳል።
በቀኝ በኩል ይገባል።
ልብ ወደ ሳንባ ይገፋዋል።

ደም ሳንባ ውስጥ ኦክስጅን ይይዛል።
በግራ በኩል ወደ ልብ ይመለሳል።
ልብ ወደ መላ ሰውነት ይረጨዋል።

በየሦስት መስመሩ ክፍተት ተዪ። የፊደሉ መጠን 14 ይሁን፣ በመስመሮቹ መካከል አንድ ተኩል ክፍተት ይኑር። ጽሑፉ በግራ ብቻ ይስተካከል፤ በሁለቱም ጠርዝ ሲስተካከል በቃላት መካከል የተዘበራረቀ ክፍተት ይፈጠራል። ቅንፍና ምህጻረ ቃል አውጪ፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ያደናቅፋሉ።

መጀመሪያ አንቺ አንብቢለት፣ እሱ በጣቱ ይከተል። ከዚያ እሱ ያንብብ። ወደ ኋላ የሚመለስበት ወይም የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ የሚገምትበት ቦታ ካለ፣ መስመሩ ገና ረጅም ነው ወይም ቃሉ አዲስ ነው። አዲስ ከሆነ አትቀይሪው፣ ፈተና ላይ ይመጣልና። በመጽሐፉ ሥዕል ላይ እያሳየሽ ለብቻው አስጠኚው።