የአምስት ደቂቃ አኒሜሽን በሕዝብ መዋጮ፦ ጥያቄና መልስ

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ በእጅ ለሚሳል የአምስት ደቂቃ ፊልም 9,000 ዶላር ያስፈልገናል። ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ላይ ግቡን 9,000 ብንለው ይበቃል?

አይበቃም። ድርጅቱ አምስት በመቶ ይወስዳል፤ ካርድ የሚያስከፍለው ክፍል ደግሞ ሦስት በመቶና ከየደጋፊው 20 ሳንቲም። ለ200 ደጋፊዎች ስጦታ ማሳተሚያና መላኪያ 1,200 ከያዛችሁ፣ እጃችሁ መግባት ያለበት 10,200 ነው። እኔ ብሆን ግቡን 11,500 አደርገዋለሁ። ከዚያ 960 ለክፍያ ይሄዳል፤ ከቀሪው 10,540 ላይ የምትተርፈው 340 ዶላር ደግሞ ካርዳቸው እምቢ ለሚላቸው ሰዎች መጠባበቂያ ናት። ግቡ ካልሞላ ሳንቲም ስለማይሰጣችሁ ከዚህ በላይ መለጠጥም አያዋጣም።

የ9,000ውን ዝርዝርም ደግማችሁ እዩት። በሰከንድ 12 ሥዕል ከሆነ አምስት ደቂቃ 3,600 ሥዕል ይፈጃል። ለሥዕል 6,000 ከመደባችሁ አንዱ የሚደርሰው 1.67 ዶላር ነው፤ ያውም ማጥሪያውንና ቀለሙን ጨምሮ። ሠዓሊው በዚህ ካልተስማማ የሚያጥረው ፊልሙ ነው።

ከዴንቨር፦ ባለ 25 ዶላር ቲሸርት ብዙ ሰው ይስባል። በየአምስት ዶላሩም አዲስ የስጦታ ደረጃ ልጨምር አስቤያለሁ።

መሳቡንስ ይስባል። ግን ቲሸርት መጠን ይመረጥለታል፣ ይመዝናል፣ ወደ አውሮፓ ሲላክ የፖስታው ዋጋ ትርፉን ይበላዋል። ወረቀት ላይ የምትስል ከሆነ የተሻለ ስጦታ ጠረጴዛህ ላይ ተከምሯል፦ ከፊልሙ አንድ እውነተኛ ሥዕል፣ ፊርማህ ያለበት፣ በጠንካራ ፖስታ፣ በ40 ዶላር። አራት ወይም አምስት ደረጃ ይበቃል። በ15 ዶላር ፊልሙን ስታሳይ በይለፍ ቃል ይሁን፤ ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም የተለቀቀ ፊልም የማይቀበሉ ፌስቲቫሎች አሉ።

ከአዲስ አበባ፦ እኔ የሠርግ ቪዲዮ እሠራለሁ፤ ካሜራም አለኝ። ዘመቻውን በራሴ ስም ልክፈት?

ካሜራው ለዘመቻው ቪዲዮ ይጠቅምሃል። ዘመቻ ከሚከፈትባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ግን ኢትዮጵያ የለችም። ውጭ ያለ ሰው በስሙ ሊከፍትልህ ይችላል፤ ያኔ ገንዘቡም የግብር ጥያቄውም የሚመጣው በእርሱ ስም ነው። ወንድምህም ቢሆን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተዋዋሉ።

ከለንደን፦ ለአንድ ዘመቻ እስከ ስልሳ ቀን ይፈቀዳል፤ ቀኑ በረዘመ ቁጥር ገንዘቡ ይበዛል።

ስልሳው ልክ ነው። ሁለተኛው አይደለም፤ ገንዘቡ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ መሃሉ ይደርቃል። በሠላሳ ቀን ጨርሱ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቪዲዮው ላይ እኛ እንታይ ወይስ ሥዕሉ ብቻ?

ሁለቱም፣ ከሁለት ደቂቃ ሳይበልጥ። መጀመሪያ ያለቀ ቀለም ያለው አሥር ሰከንድ፤ ከዚያ ያው ትዕይንት በእርሳስ፤ ቀጥሎ እናንተ፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል በአንድ ዓረፍተ ነገር። ድምፅ ዘግቶ የሚያየው ስለሚበዛ ጽሑፍ አስገቡ።

ከቶሮንቶ፦ እኛ ፊታችንን ሳናሳይ ሞልቶልናል።

ሥራችሁን አስቀድሞ የሚያውቅ ተመልካች ነበራችሁ? ካልነበራችሁ እኔም ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።