የስፌት ቤቱን ኪራይ የትኛው ልብስ ይሸከመው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። እስካሁን የምሸጠው የጨርቁን ዋጋ በእጥፍ አባዝቼ ነው። የአንድ ቀሚስ ዋጋ በትክክል የሚወጣው እንዴት ነው?»

መልስ፦ በዚህ አሠራር ውድ ጨርቅ የሚያተርፍ ይመስላል፤ ርካሹ ግን ሳይታወቅ ያከስራል፤ ጨርቁ ስለረከሰ መቁረጡ፣ መስፋቱና መተኮሱ አያጥርምና። ስለዚህ ሦስቱን ወጪዎች ለየብቻ ይያዙ። ለምሳሌ ያህል የአንድ ቀሚስ ጨርቅ፣ ገበር፣ ዚፕና ክር ከነቁርጥራጩ 1,400 ብር ቢፈጅ፣ ሥራው ልኬትንና ማስተካከያን ጨምሮ 6 ሰዓት ቢወስድና የአንድ ሰዓት የእጅ ዋጋ 80 ብር ቢሆን፣ የእጅ ዋጋው 480 ብር ይሆናል። የሚሰፉት እርስዎ ራስዎ ቢሆኑም ይህን ገንዘብ አይተዉት፤ ነገ በእርስዎ ቦታ ሰው ቢቀጥሩ ከኪስዎ የሚወጣ ነውና።

ብዙ ሰው የሚስተው ሦስተኛውን፣ ማለትም ተዘዋዋሪ ወጪን ነው። የወር ኪራይ 9,000፣ መብራት 900፣ ጥበቃ 600፣ መርፌ፣ ዘይትና ጥገና 700 ብር ይሁኑ። የስፌት መኪናዎቹ በ48,000 ብር ተገዝተው 5 ዓመት የሚያገለግሉ ከሆነ ደግሞ የወር የእርጅና ድርሻቸው 800 ብር ነው። ድምሩ 12,000 ብር ይሆናል። ይህን ለሰዓት ሲያካፍሉ የሚወሰደው ሱቁ ክፍት የሆነበት ሰዓት አይደለም፤ በእርግጥ የተሰፋበት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዎች በቀን 8 ሰዓት 26 ቀን ቢውሉ 416 ሰዓት ይሆናል፤ ሆኖም መብራት ሲጠፋ፣ ዕቃ ለመግዛት ገበያ ሲኬድ፣ ደንበኛ ሲስተናገድ የሚያልፈው ተቀንሶ 300 ሰዓት ሊቀር ይችላል። ትክክለኛውን ቁጥር ለማወቅ እያንዳንዱ ልብስ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት ለአንድ ወር በደብተር ይመዝግቡ። 12,000 ለ300 ሲካፈል የሰዓቱ ድርሻ 40 ብር ነው፤ ቀሚሱም ለ6 ሰዓቱ 240 ብር ይሸከማል። ጠቅላላ ወጪው 2,120 ብር ይሆናል፤ 25 በመቶ ትርፍ፣ ማለትም 530 ብር፣ ሲጨመርበት መሸጫው 2,650 ብር ነው።

ጥያቄ፦ «ደንበኛ ጨርቁን ይዞ ሲመጣ ምን ያህል ላስከፍል? ተዘዋዋሪ ወጪዬን የማሰላው በጨርቅ ወጪ 30 በመቶ ነው።»

መልስ፦ የችግሩ ምንጭ ይኸው መቶኛ ነው። ደንበኛው ጨርቁንና ገበሩን ቢያመጣና እርስዎ ዚፕና ክር ብቻ በ110 ብር ቢያቀርቡ፣ በእርስዎ ስሌት ልብሱ ለኪራይና ለመብራት የሚከፍለው 33 ብር ነው። ከላይ በጠቀስኩት ቤት ግን መኪናውን ለ6 ሰዓት ይይዛል፤ ድርሻውም 240 ብር ነው። ቀሪው 207 ብር በእርስዎ ጨርቅ በሚሰፋው ልብስ ላይ ስለሚጫን ያኛው ያለአግባብ ይወደዳል። በዚህ የተነሳ ጨርቅ የሚያመጡ ደንበኞች እየበዙ፣ ከእርስዎ የሚገዙት እየቀነሱ ሲሄዱ ካዩ ምክንያቱን እዚህ ይፈልጉ። ድርሻው በሰዓት ሲሰላ ወጪው 110፣ 480 እና 240 ተደምሮ 830 ብር ነው፤ ከ25 በመቶ ትርፍ ጋር ወደ 1,040 ብር ይጠጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ለተመሳሳይ 6 ሰዓት የሚገኘው ትርፍ 530 ሳይሆን 210 ብር ገደማ ነው። ሥራ በሚበዛበት ወቅት ለእንዲህ ዓይነቱ ትእዛዝ ከፍ ያለ መቶኛ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ «በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ ሥራዬ በግማሽ ይቀንሳል። ኪራዩ ግን ያው ነው። ዋጋ ልጨምር?»

መልስ፦ አይጨምሩ። ሰዓቱ ወደ 150 ሲወርድ ድርሻውን 80 ብር ካደረጉት ቀሚሱ ይወደዳል፤ ደንበኛ ይሸሻል፤ ሰዓቱ የባሰ ይቀንሳል፤ በቀጣዩ ወርም ድርሻው እንደገና መጨመር ሊኖርበት ነው። ድርሻው ከዓመቱ ተዘዋዋሪ ወጪና ከዓመቱ የሥራ ሰዓት ይውጣ፤ በየወሩም አይለዋወጥ። በ150 ሰዓት 6,000 ብር ብቻ ስለሚሸፈን 6,000 ይጎድላል፤ በጥር ሠርግ፣ በፍቼ ጨምበላላ ወይም በእንቁጣጣሽ ዋዜማ 400 ሰዓት ሲሠራ ደግሞ 16,000 ብር ይሰበሰባል፤ ከወሩ ወጪ የተረፈውን 4,000 ብር ለጎደለው ወር ያስቀምጡት። መኪናው ሥራ በፈታበት ወር ዋጋ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ግን በእኛ ቀሚስ ከ1,880 ብር፣ ማለትም ከዕቃውና ከእጅ ዋጋው ድምር፣ በታች መውረድ ራሱን የቻለ ኪሳራ ነው።

ጥያቄ፦ «25 በመቶ ትርፍ ይዤ 25 በመቶ ቅናሽ ባደርግ እኩል እወጣለሁ አይደል?»

መልስ፦ አይወጡም። ትርፉ የተሰላው በወጪው ላይ ነው፤ ቅናሹ የሚሰላው ግን ከፍ ባለው መሸጫ ዋጋ ላይ ነው። ከ2,650 ብር 25 በመቶው 662 ብር ከ50 ሳንቲም ሲሆን፣ ትርፍዎ 530 ብር ብቻ ስለነበር 132 ብር ከ50 ሳንቲም ይከስራሉ። ሳይከስሩ ሊሰጡ የሚችሉት ትልቁ ቅናሽ 20 በመቶ ነው፤ 10 በመቶ ከሰጡ ደግሞ ከትርፍዎ በትክክል ግማሹን ለቀዋል።